ቀምሼ የማላውቀውን ማብሰል፦ የደም ቋሊማ የሥራ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ስታዲየም አካባቢ ባለች ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነኝ። አብዛኛው እንግዳችን ለወራት የሚቆይ የውጭ አገር ባለሙያ ነው። ዛሬ አንድ ስፔናዊ መሐንዲስ ኩሽና ድረስ መጣና የአገሩን የደም ቋሊማ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ቡርጎስ በሚባለው ከተማ በሩዝና በሽንኩርት የሚሠራ ነው። ስሙ ሞርሲያ ነው። እናቱ የምትሠራበትን መንገድ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

እኔ ደም አልበላም። ኦርቶዶክስ ነኝ። ረዳቴ ሙስሊም ናት፤ እሷም አትበላም። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት እትዬ ግን «እንግዳ የለመደውን ከጠየቀ መሥራት ነው፤ ዕቃው ግን ለብቻው ይሁን» አሉኝ። ተስማማሁ።

ማታ ወረቀቱን ሳነብ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። የሰውዬው እናት ስለ መብሰሉ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ቋሊማው በመርፌ ሲወጋ ቀይ ካልወጣው በስሏል ይላል። እኔ ወጥ ስሠራ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ፣ እጨምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ይህን ግን አልቀምሰውም። ቢቀመስም ጥሬነቱ ሰው ከመጉዳቱ በፊት በምላስ አይታወቅም። ስለዚህ የሥጋ ቴርሞሜትር ያስፈልገኛል። መርፌ ያለው፣ ክብ ሰዓት የመሰለውን ገዛሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ዛሬ ደም ፍለጋ ቢሾፍቱ አካባቢ ሄድኩ። ለውጭ አገር ሰዎች አሳማ የሚያቀርቡ ሰዎች ዘንድ ነው የደረስኩት። አስቀድሜ የጠየቅኩት ዋጋ ሳይሆን «ሐኪም ይመረምራል ወይ?» ብዬ ነው።

እዚያ ያገኘሁት የእንስሳት ሐኪም ነገሩን በደንብ አስረዳኝ። እያንዳንዱ አሳማ ሲታረድ ደሙ ቁጥር በተለጠፈበት ዕቃ ይያዛል። ሥጋው፣ ሳንባው፣ ጉበቱ ተመርምሮ እስኪያልፍ ደሙ አይለቀቅም። የሦስት አሳማ ደም አንድ ባልዲ ውስጥ ተቀላቅሎ አንዱ አሳማ ቢወድቅ ባልዲው ሙሉ ይጣላል። «ዶክተር፣ ራሱ የሞተ እንስሳ ቢሆንስ?» አልኩት። «እሱን ጭራሽ አትንኪው» አለኝ። ምክንያቱ አባ ሰንጋ ነው። የአባ ሰንጋ ጀርም ራሱን በጠንካራ ሽፋን ጠቅልሎ ይቆያል፤ እንዲህ የተጠቀለለው ተራ የወጥ ቤት እሳት አይገድለውም። በማብሰል የማይድን ነገር እንዳለ ዛሬ በግልጽ ገባኝ። ደሙ ከየት እንደመጣ ማወቅ ከድስቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ነገር አሰባሰቡ ነው። አንገት ተቆርጦ ደሙ ወደ ገበታ ሲፈስ ቆዳ ላይ ያለውን ቆሻሻ፣ አንዳንዴም ከጉሮሮ የሚወጣውን ይዞ ይወርዳል። የተሻለው ውስጡ ክፍት በሆነ ቢላ ወግቶ በቱቦ በቀጥታ ወደ ንጹሕ ዕቃ ማስገባት ነው። እነዚህ ሰዎች በቱቦ ነው የሚሰበስቡት። ደሙ እንዳይረጋ ሶዲየም ሲትሬት የሚባል ለምግብ የተፈቀደ ጨው ይጨምሩበታል፤ ለአንድ ሊትር 4 ግራም ያህል።

ደም ለጀርም ከወተት አይተናነስም። አብዛኛው ውሃ ነው፣ ፕሮቲን ሞልቶታል፣ የሚያቆመው ኮምጣጤነት የለውም። ስለዚህ ወዲያው ቀዝቅዞ ከ4 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት። በበረዶ ሳጥን እንዲልኩልኝ፣ እኔም በደረሰ በማግስቱ ሳላሳልፍ እንድጠቀምበት ተነጋገርን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የመጀመሪያው ሙከራ ዛሬ ነበር። አልተሳካም።

ደሙ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሁለት ጠርሙስ ደረሰ። ለብቻው የሆነውን ቢላ፣ መክተፊያ፣ ድስትና ጭልፋ እጀታቸው ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልለንባቸዋል። ይህ ለሌሎቹ እንግዶች እምነት ነው፤ ጥሬ ደም ሰላጣ እንዳይነካም ይጠቅማል። ረዳቴ ጣቷ ላይ ትንሽ የቢላ ጭረት ስለነበራት ጓንት ሳታደርግ እንዳትነካ ነገርኳት። በቬትናምና በታይላንድ የአሳማ ደም ጥሬውን የሚበሉ ሰዎች ማጅራት ገትር ይይዛቸዋል፤ ከዳኑትም መስማት ያቆሙ ብዙ ናቸው። ያው ጀርም በቁስል በኩል ሥጋ አራጆችንም ይይዛል። በደንብ የበሰለ ደም ላይ አይተርፍም፤ ከመብሰሉ በፊት ደሙን የሚነካው ግን እጃችን ነው።

ልኬቱ ይህ ነበር፦ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ የተከተፈ፣ 1 ኪሎ ሩዝ፣ 1 ሊትር ደም፣ 700 ግራም የአሳማ ስብ፣ 70 ግራም ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና እንግዳው ከአገሩ ያመጣው ቀይ ጣፋጭ በርበሬ። ሽንኩርቱን በስቡ ውስጥ በቀስታ አበሰልኩ። ሩዙን ግማሽ ያህል ቀቀልኩ። ደሙን በወንፊት አጥልዬ በመጨረሻ ቀላቀልኩት። ትኩሱ ሩዝና ቀዝቃዛው ደም ሲገናኙ ለብ ያለ ነገር ይሆናል። ጀርም የሚወደው ይህን ሙቀት ስለሆነ ድብልቁ ሳይቀመጥ በቀጥታ ወደ አንጀት ገባ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ቆርጬ አንጀቱን በእሱ ላይ አጥልቄ ሞላሁ። ሩዙ ስለሚያብጥ ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ነው የሞላሁት፤ ከዚያ በሲባጎ አሰርኩ።

ስህተቴ ከዚህ በፊት የተሠራ ነው። ጠዋት ቴርሞሜትሩ ትክክል መሆኑን ለማየት የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 92 አለኝ። ውሃ በ100 ይፈላል ብለን ነው የተማርነው። «ይሄ ተበላሽቷል» ብዬ ከሰዓቱ ሥር ያለችውን ብሎን በቁልፍ አዙሬ 100 ላይ አስቀመጥኩት።

ቋሊማዎቹን ቴርሞሜትሩ 85 በሚለው ውሃ ውስጥ አበሰልኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። የለካኋቸው የሦስቱ መሃል የምፈልገው 75 ላይ ሲደርስ ሁሉንም አወጣሁ። በመርፌ ስወጋ የወጣው ቡናማ ነበር፤ ደስ አለኝ። አንዱን ለሁለት ስከፍለው ግን መሃሉ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ ነው፤ እንደ ሙቅ ይንቀጠቀጣል። መርፌው ጠርዙ አካባቢ ብቻ ነበር የገባው።

ረዳቴ «እትዬ፣ ቴርሞሜትሩ 75 ብሎ የለም እንዴ?» አለች። ብሏል። ሁሉንም ጣልኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ኩሽና ገባሁ። በሥራ ቀን ጊዜ አላገኝም። አንድ ብርጭቆ በተፈጨ በረዶ ሞላሁ፣ ክፍተቱ እስኪዘጋ ውሃ ጨመርኩ፣ ትንሽ አማስዬ ቴርሞሜትሩን ከተትኩ። የሚቀልጥ በረዶ የትም አገር፣ ተራራ ላይም ባሕር ዳርም፣ 0 ነው። የእኔ ቴርሞሜትር 8 አለኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የሚጫነን አየር ቀላል ነው። ውሃውን ታች የሚይዘው ግፊት ስለሚቀንስ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ባቄላና ሥጋ እዚህ ለመብሰል ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ለዚህም ነው። 92 የሚለውን እውነት 100 ላይ ሳዞረው የተቀረውን ሁሉ በ8 ዲግሪ ከፍ አደረግኩት። 85 ያልኩት ውሃ 77 ነበር። 75 ያልኩት የቋሊማ መሃል 67 ነበር።

67 ላይ የደም ፕሮቲን መርጋት ይጀምራል እንጂ አይጨርስም። ለዚህ ነው መሃሉ የተንቀጠቀጠው። አንዳንድ ሰው «67 ላይ ረጅም ጊዜ ከቆየ እኮ ጀርሙ ይሞታል» ሊል ይችላል። ልክ ነው፣ ዝቅ ያለ ሙቀት በጊዜ ርዝመት ይካሳል። ግን እኔ ስንት ደቂቃ 67 ላይ እንደቆየ አላውቅም። ያልለካሁትን ጊዜ ለእንግዳ አላበላም።

ስለ ቀለሙም የተማርኩት አለ። ቀይ ከሆነ እንዳልበሰለ እቆጥረዋለሁ። ቡናማ ከሆነ ግን በስሏል ማለት አይደለም። ደም ሲቆይና አየር ሲያገኘው እሳት ሳይነካውም ይጠቁራል። ያረጀ ደም ያለው ቋሊማ ገና ጥሬ ሳለ የበሰለ ሊመስል ይችላል። የመርፌው ዘዴ ጥሬውን ያጋልጣል እንጂ ለበሰለው ምስክር አይሆንም።

ብሎኗን መልሼ በበረዶው ውሃ 0 ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ስከተው 92 አለ። አሁን ሁለቱም ጫፎች ተስማሙ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሁለተኛው ሙከራ። ዛሬ ከሁለቱ ጠርሙሶች አንዱን መለስኩ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ሌላ ጉዳይ ነበረው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ቀልጧል። ከጠርሙሱ ጥቂት በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቼ ስለካ 11 ዲግሪ ነው። ምንም አይሸትም፤ ቀለሙም ጥሩ ነው። ሹፌሩ ቅር አለው። ሲሸት ግን እኮ በጣም ዘግይቷል። ከበረዶው ሥር የነበረው ሌላኛው 3 ስለነበር ተቀበልኩት።

ልኬቱ ያው ነው። ዛሬ ውሃውን መጀመሪያ 85 አደረስኩት፤ ቋሊማዎቹ ሲገቡ ወደ 76 ወረደ። እሳቱን ጨምሬ 80 ላይ ሲደርስ ነው ሰዓት መቁጠር የጀመርኩት። ከዚያ ከ80 እስከ 82 ያዝኩት። ውሃው እንዲፈላ መፍቀድ አይገባም። አንጀቱ ይኮማተራል፣ ውስጡ ያለው ያብጣል፣ ይፈነዳል፤ ድስቱ ጥቁር ሾርባ ይሆናል። ዝቅ ካለ ደግሞ መሃሉ አይደርስም። የሚሠራበት መንገድ ጠባብ ነው። ድስቱ አጠገብ ቆሜ ነው የጨረስኩት።

ስለካ የቴርሞሜትሩን መርፌ ከጎን አልወጋሁም። ሲባጎው ከታሰረበት ጫፍ በኩል አስገብቼ በርዝመቱ ወደ መሃል ገፋሁት። ከጎን ከተወጋ ውስጡ ይፈስሳል፤ ቋሊማው ቀጭን ስለሆነም መርፌው መሃሉን ያልፈዋል። የለካሁት በጣም ወፍራሞቹን፣ ከድስቱ መሃል ካሉት ሦስቱን ነው። 50 ደቂቃ ላይ 71፣ 73፣ 72 ነበሩ። 60 ደቂቃ ላይ 76፣ 76፣ 75። አወጣሁ። አንዱን ስከፍለው ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቁር ቡናማ፣ ጥብቅ፣ ሩዙ የለሰለሰ ነው። ሦስቱ ካለፉ ሌላው ይደርሳል፤ አንዱ እንኳ 75 ካላለ ሁሉም ይመለሳል።

ዛሬም ግን ተጣለ። ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አሳዘነኝ፤ ምክንያቱም በስሏል።

9 ሰዓት ላይ አውጥቼ ትልቅ ሳህን ላይ ደራርቤ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። የጥቅምት ብርድ ነው፣ ይቀዘቅዛል ብዬ ተማመንኩ። እንግዶች መጡና ራት ያዝኩ። 12 ሰዓት ላይ ከመሃል ያለውን ስለካ 34 ዲግሪ ነው። ላይ ያሉት ቀዝቃዛ ናቸው፤ መሃል ያሉት እርስ በርስ ይሟሟቃሉ።

እሳት በመብላትና በማደግ ላይ ያለን ጀርም ይገድላል። በሩዝ ላይና በእንስሳ ውጤት ላይ ግን ራሳቸውን በሽፋን ጠቅልለው 75ን የሚያልፉ ጀርሞች አሉ። ለብ ባለ ሙቀት ሲቆዩ ሽፋናቸውን ጥለው ይባዛሉ። አንዳንዶቹ የሚተዉትን መርዝ እንደገና ማሞቅም አያጠፋውም። የሚያቆማቸው ፍጥነት ነው፦ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከ21 ወደ 5 ደግሞ በሚቀጥሉት 4 ሰዓታት። እኔ በ3 ሰዓት 34 ላይ ነበርኩ።

ስለ እጥበቱም ልጻፍ። ረዳቴ ባልዲውን በፈላ ውሃ ልታጥብ ነበር፤ ንጹሕ ይሆናል ብላ። ሙቅ ውሃ ደሙን ዕቃው ላይ ያበስለዋል፤ ከዚያ ተለጥፎ አይለቅም። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ ነው፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማሸት፤ በረኪና በመጨረሻ። ደም ባለበት ዕቃ ላይ በረኪና ቢፈስ ኃይሉን ደሙ ላይ ይጨርሳል፤ ለጀርሙ አይተርፍም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሦስተኛው። ደም 3 ዲግሪ። ውሃ 81። መሃል በ62 ደቂቃ 76፣ 75፣ 77።

ቅዝቃዜው ላይ ብዙ አሰብኩ። ትልቅ ገበታ በበረዶ ውሃ ሞልቼ አዘጋጀሁ። ቋሊማዎቹን ከድስት በቀጥታ እዚያ ለ15 ደቂቃ ከተትኩ። ውሃው ከቧንቧ የመጣ ሳይሆን ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው፤ የበሰለ ነገር ላይ ያልበሰለ ውሃ ማፍሰስ አልፈለግኩም። በረዶውም ከዚያው ውሃ የተሠራ ነው። ከዚያ እንጀራ በምናወጣበት ሳይሆን ለዚህ በገዛሁት የሽቦ መደርደሪያ ላይ አንድ በአንድ፣ ሳይነካኩ አስቀምጬ ቬንቲሌተር አዞርኩባቸው። ከድስት በወጡ በ55 ደቂቃ መሃላቸው 20 ነበር። ክዳን ሳላደርግ ፍሪጅ አስገባሁ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ 5። ከዚያ ተሸፈኑ፤ ቀናቸውም ተጻፈባቸው።

ረዳቴ ቁጥሩን በደብተር ስትጽፍ ደስ ብሏት ነበር። እኔም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ያሉት ቻይናውያን ሰምተው መጡ። እነሱ የሚፈልጉት ቋሊማ ሳይሆን የረጋ ደም ነው። እንደ አይብ ተቆርጦ ትኩስ መረቅ ውስጥ የሚገባ።

በአገራቸው ትኩስ ደም ጨው ባለው ውሃ ላይ ይፈስስና ራሱ እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይበስላል። የእኔ ደም ሲትሬት ስላለበት ቢቀመጥ አይረጋም። ቀኑን ሙሉ ብጠብቀው ፈሳሽ ነው። የሚያረጋው እሳት ብቻ ነው። እንዲህ አደረግኩ፦ 1 ሊትር የተጠለለ ደም፣ ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 12 ግራም ጨው። አረፋ እንዳይነሳ በቀስታ አማሰልኩ። 4 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ትሪ ላይ አፈሰስኩ፣ ሸፈንኩ፣ ትሪውን 82 ዲግሪ ባለው ውሃ ላይ አስቀመጥኩ። በ45 ደቂቃ መሃሉ 75 ደረሰ።

የመጀመሪያው ትሪ ላይ እሳቱ አመለጠኝና ውሃው ፈላ። ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ሆኗል፤ ሲታኘክም እንደ ጎማ ነው አሉኝ። የሚበላ ነው፤ በስሏልም። ሁለተኛው ለስላሳና ጥብቅ ሆኖ ወጣ። በ3 ሴንቲሜትር ቆራርጬ ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ውስጥ አድርጌ ፍሪጅ አስገባሁ። ሁለት ቀን ነው የሰጠሁት።

አንዱ እንግዳ «መረቁ ውስጥ ስለሚበስል ለምን ትደክሚያለሽ?» አለኝ። ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደሚበሉ አይቻለሁ። በቾፕስቲክ ይዘው ለአፍታ ነክረው ያወጣሉ። ያ መረቅ ለማሞቅ እንጂ ለማብሰል አይበቃም። እዚህ የሚፈላ ውሃ ደግሞ ከ100 በ8 ያነሰ ነው። ስለዚህ ከኩሽና የሚወጣው ሁሉ አስቀድሞ የበሰለ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

መሐንዲሱ ከመስክ ተመለሰ። የሐሙሱን ቋሊማ ጣት ወርድ እያደረግኩ ቆርጬ በመጥበሻ ላይ ዳሩ እስኪደርቅ ጠበስኩት። ቀጥ አድርጌ አንዱን ቁራጭ ስለካው 78 ነበር። ዝም ብሎ ሁለት ቁራጭ በላ። ከዚያ ሽንኩርቱ በዛ ወይስ ልክ ነው ብዬ ጠየቅኩት፤ እኔ ማወቅ አልችልምና። «እናቴ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ትጨምራለች» አለ። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፦ ቁንዶ በርበሬ ከ10 ወደ 14 ግራም።

ዛሬ የቀሩትን ስድስት የሐሙስ ቋሊማዎች ጣልኳቸው፤ አምስት ቀን ሆኗቸዋል። ፍሪጅ ውስጥ እንደቀዘቀዙ፣ ገና አዲስ ሳሉ፣ በረዶ ቤት ማስገባት ነበረብኝ። ቀጣዩ ደም ኅዳር 1 ይመጣል። ያን ቀን ጠዋት፣ ሹፌሩ ከመድረሱ በፊት፣ የበረዶ ብርጭቆው ይዘጋጃል።